ጠጠሩ የትኛው ነው? ካልሲየም ኦክሳሌትና ዩሪክ አሲድ ሲነጻጸሩ

እኔንና የእህቴን ባል የኩላሊት ጠጠር የያዘን በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። እሱ መጀመሪያ «ኩላሊቴን ብርድ መታኝ» ብሎ ወገቡን በሻሽ አስሮ ሰነበተ። እኔ ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ወለሉ ላይ ስንከባለል ቤት ሙሉ ነቃ። ሕመሙ ካለፈልን በኋላ የሄድንበት ክሊኒክ ለሁለታችንም አንድ ዓይነት ወረቀት ሰጠን። ወተትና አይብ ተው፣ ቲማቲም አትብላ፣ ሥጋ ቀንስ፣ ውሃ ጠጣ ይላል።

ችግሩ የእኔና የእሱ ጠጠር አንድ አለመሆኑ ነው። የእኔ ካልሲየም ኦክሳሌት ነበር። የእሱ ዩሪክ አሲድ። ወረቀቱ ወተት ተው ያለኝ ምክር ለእኔ ጭራሽ የሚጎዳ ነበር። ለእሱ ደግሞ ዋናውን ነገር ጨርሶ አላነሳውም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ያንን ወረቀት ይዞ ግራ ለተጋባ ሰው ነው።

ሌሎች የጠጠር ዓይነቶችም አሉ። በኢንፌክሽን የሚመጣ አለ፣ በዘር የሚወረስ ሲስቲን የሚባልም አለ። እነሱ ሌላ ሕክምና ስለሚፈልጉ እዚህ አልገባባቸውም። ከሚገኙት ጠጠሮች አብዛኛው ካልሲየም ኦክሳሌት ነው፣ ከአሥሩ ሰባትና ስምንት ያህሉ። ዩሪክ አሲድ በብዙ አገር ከአሥሩ አንዱ ገደማ ነው፤ ሙቀት በሚበዛበትና ስኳር በሽታ በተስፋፋበት ቦታ ግን ከዚያ ይበልጣል።

በምን እናወዳድራቸው?

ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች አራት ናቸው። ጠጠሩ እንዲረጋ ያደረገው ዋና ምክንያት ምንድን ነው? ያለ ቀዶ ሕክምና ሊሟሟ ይችላል ወይ? ከምግብ የቱ ይቀነስ፣ የቱ ይጨመር? መከላከያው እየሠራ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ዋጋና ድካም የሚመጡት ከእነዚህ በኋላ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን ጠጠሩ የቱ እንደሆነ መታወቅ አለበት። የተሻለው ማስረጃ ራሱ ጠጠሩ ነው። ሕመሙ ሲጀምራችሁ በንጹሕ ፋሻ ወይም በሻይ ማጥለያ ላይ ሽኑ። የወጣውን አድርቃችሁ በትንሽ ንጹሕ ዕቃ አስቀምጡና ላብራቶሪ አስመርምሩት። የእኔ የሰሊጥ ፍሬ ታክላለች፤ በጥጥ ጠቅልዬ በባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ይዣት ሄድኩ። በመልክ ለመለየት አትሞክሩ። ዩሪክ አሲድ ብዙ ጊዜ ለስላሳና ቢጫ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ነው ይባላል፤ ግን ዓይን በቀላሉ ይሳሳታል።

ጠጠሩ ካልተገኘ ሦስት ፍንጮች አሉ። አንደኛው ራጅ ነው። ካልሲየም ያለበት ጠጠር በተራ ራጅ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ንጹሕ ዩሪክ አሲድ አይታይም። የእህቴን ባል ራጁ «ምንም የለብህም» ብሎ ሸኝቶት ነበር፤ አልትራሳውንድ ሲነሳ ግን ዘጠኝ ሚሊሜትር ጠጠር ግራ ኩላሊቱ ውስጥ ተቀምጧል። አልትራሳውንድ ሁለቱንም ያያል፣ ግን አይለያቸውም። ሁለተኛው ሲቲ ስካን ነው። ሲቲው የጠጠሩን ጥግግት በቁጥር ይለካል፤ መለኪያው ሃውንስፊልድ ይባላል። ዩሪክ አሲድ ብዙውን ጊዜ ከ500 በታች ነው፣ ካልሲየም ኦክሳሌት ከ800 እና ከ1000 በላይ ይሄዳል። የእሱ 410 ነበር። ሪፖርታችሁ ላይ ቁጥሩ ካልተጻፈ ሐኪሙን ጠይቁት። ሦስተኛው የሽንት ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አንድ ማሳሰቢያ። ተራ የሽንት ምርመራ ላይ «ካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታል ታይቷል» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ አትደንግጡ። ጠጠር የሌለበት ሰው ሽንት ላይም ይታያል። የደም ዩሪክ አሲድ ትክክል ሆኖ መገኘቱም የዩሪክ አሲድ ጠጠር የለብህም ማለት አይደለም።

ካልሲየም ኦክሳሌት፦ የብዛት ጉዳይ

ኦክሳሌት በአንዳንድ ቅጠላ ቅጠሎችና ፍሬዎች ውስጥ በብዛት አለ፤ ጉበታችንም ራሱ ይሠራዋል። ሽንት ውስጥ ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ ይረጋል። የሽንቱ አሲድነት እዚህ ላይ ብዙም ለውጥ አያመጣም። ዋናው ነገር ሽንት ውስጥ ስንት ካልሲየም፣ ስንት ኦክሳሌት አለ፣ ስንት ውሃ ያቀጥነዋል፣ ሲትሬትስ በቂ ነው ወይ የሚለው ነው። ሲትሬት ካልሲየምን ይይዝና ወደ ጠጠር እንዳይሄድ ያደርገዋል። ሎሚ የሚመከረውም ለዚህ ነው።

«ጠጠሩ ካልሲየም ከሆነ ካልሲየም ልተው» የሚለው ሐሳብ ለጆሮ ይጥማል። ለዓመታት ሐኪሞችም ይመክሩት ነበር። ሆኖም ነገሩ ተቃራኒ ሆኖ ተገኘ። ጣሊያን ውስጥ ተሠርቶ 2002 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ በተደጋጋሚ ጠጠር የሚይዛቸው 120 ወንዶች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ካልሲየም ቀነሱ። ግማሾቹ ካልሲየሙን እንደተለመደው እየበሉ ጨውና ሥጋ ቀነሱ። ከአምስት ዓመት በኋላ ካልሲየም ከቀነሱት 60 ሰዎች 23ቱን ጠጠሩ እንደገና ያዛቸው። ከሌሎቹ 60 ግን 12ቱን ብቻ።

ምክንያቱ አንጀት ውስጥ ነው። ካልሲየምና ኦክሳሌት አንድ ማዕድ ላይ ሲቀርቡ እዚያው አንጀት ውስጥ ይያያዛሉ፣ ተያይዘውም በሰገራ ይወጣሉ። ካልሲየም ከሌለ ኦክሳሌቱ ብቻውን ወደ ደም ይገባል፣ ከዚያ ወደ ኩላሊት። ስለዚህ ከምግብ ጋር የሚበላ ካልሲየም ይከላከላል። በቀን ከ1000 እስከ 1200 ሚሊግራም ይመከራል፤ አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ 300 ገደማ ይሰጣል። እንክብል የምትወስዱ ከሆነ ከምግብ ጋር እንጂ በባዶ ሆድ አትውሰዱት።

የእኔ ጥፋት የተገኘው በጾም ላይ ነው። በዐቢይ ጾም ሰላጣና ጭማቂ ወድጄ ነበር። ማለዳ ከቆስጣና ከስፒናች የተፈጨ ጭማቂ፣ ምሳ ላይ ቀይ ሥር፣ ማታ ኦቾሎኒ። ሁሉም ኦክሳሌት የበዛባቸው ናቸው፤ ቆስጣና ስፒናች ደግሞ ከሁሉም የባሱ። ወተትም አይብም የለም፤ ማለትም ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ የሚይዝልኝ አልነበረም። ውጭ አገር ያሉ ወገኖችም ከስፒናችና ከአልሞንድ ወተት አረንጓዴ ጭማቂ ሲያዘወትሩ ያው ነገር ይገጥማቸዋል። ጤናማ ነው ብዬ ራሴን እየጎዳሁ ነበር ማለት ነው።

የ24 ሰዓት ሽንቴ ሲመረመር ሽንቱ 1.1 ሊትር ብቻ ነበር። ኦክሳሌቱ 58 ሚሊግራም (ከ40 እስከ 45 ማለፍ የለበትም)። ሲትሬቱ ዝቅተኛ። ካልሲየሙ ግን ትክክል። እዚህ ላይ ወረቀቱ ወተት ተው ማለቱ ይገርማል! ያደረግኩት ጥቂት ነው። ቆስጣና ስፒናች ከፈለግኩ ቀቅዬ ውሃውን እደፋለሁ፤ ኦክሳሌቱ ከፊሉ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ወጥ ውስጥ ከነውሃው ሲበስል ግን አይቀንስም። ብዙውን ጊዜ በምትካቸው ጎመን እበላለሁ፤ ጎመን ኦክሳሌቱ ትንሽ ነው። ቲማቲምም ትንሽ ነው፣ ያለ ጥፋቱ ነው የሚከሰሰው። ፍስክ ሲሆን ምሳ ላይ እርጎ አልቀርም። በጾም ደግሞ የጤፍ እንጀራ ካልሲየም ስላለው ሙሉ በሙሉ ባዶ እጄን አይደለሁም። ከሦስት ወር በኋላ ሽንቴ 2.6 ሊትር፣ ኦክሳሌቱ 34 ሆነ።

ጨው እዚህ የተደበቀው ጠላት ነው። ኩላሊት ጨው ሲያስወጣ ካልሲየምም አብሮ ይሳባል። በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ በቂ ነው፤ የሾርባ ኩብ፣ የታሸገ ምግብና ወጡ ላይ የሚነሰነሰው ሁሉ ተደምሮ። ሥጋም ሲበዛ ሽንት ውስጥ ካልሲየሙን ይጨምራል፣ ሲትሬቱን ይቀንሳል። የቫይታሚን ሲ እንክብል በቀን አንድ ግራምና ከዚያ በላይ መዋጥ ደግሞ በሰውነት ውስጥ ወደ ኦክሳሌት ይለወጣል። ብርቱካን መብላት ችግር የለውም፣ የማወራው ስለ እንክብሉ ነው።

አንዴ የተሠራ ካልሲየም ኦክሳሌት ጠጠር በመድኃኒት አይሟሟም። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ «አሟሟዋለሁ» የሚል የሚሸጥ ቅጠልና ዱቄት ብዙ ነውና። የገብስ ውሃም ከጠቀመ የሚጠቅመው ውሃ ስለሆነ ነው። ትንሹ ራሱ ይወጣል፤ ትልቁ ይሰበራል ወይም በመሣሪያ ይወጣል።

ዩሪክ አሲድ፦ የአሲድነት ጉዳይ

እዚህ ጨዋታው ይለወጣል። ሰው በቀን በሽንቱ 600 ሚሊግራም ገደማ ዩሪክ አሲድ ያስወጣል እንበል። ሽንቱ ፒኤች 5 ከሆነ፣ ማለትም በጣም አሲድ ከሆነ፣ አንድ ሊትር ሽንት መሸከም የሚችለው በግምት 150 ሚሊግራም ብቻ ነው። 600ውን ለማሟሟት አራት ሊትር መሽናት ያስፈልጋል። ፒኤቹ 6 ሲሆን አንድ ሊትር ወደ 500 ይሸከማል፤ አንድ ሊትር ተኩል ሽንት ይበቃል። 6.5 ሲደርስ አንድ ሊትር ከ1000 በላይ ይሸከማል። የዩሪክ አሲዱ መጠን ሳይለወጥ፣ አሲድነቱ ብቻ ተለውጦ።

ስለዚህ የዩሪክ አሲድ ጠጠር ያለበት ሰው ዋና ችግሩ ዩሪክ አሲድ መብዛቱ ሳይሆን ሽንቱ ሁልጊዜ አሲድ መሆኑ ነው። ይህ የሚበዛው ውፍረት፣ ዓይነት ሁለት ስኳር በሽታ ወይም ሪህ ባለባቸውና ለረጅም ጊዜ ተቅማጥ በሚያስቸግራቸው ሰዎች ላይ ነው። የእህቴ ባል ስኳር አለበት። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ይመላለሳል። አዋሽን ሲያልፍ የአፋር ሙቀት ይታወቃል። መኪና ማቆም ስለማይመቸው ውሃ አይጠጣም ነበር። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ሥጋ ቤት፣ ከሥጋው ጋር ቢራ።

ጠዋት ጠዋት በፒኤች ወረቀት ሲለካ አንድ ቀን 5፣ ሌላ ቀን 5፣ ሌላ ቀን 5.5 ወጣ። ከ5.5 የማያልፍ ሽንት በተደጋጋሚ ከታየ፣ ራጅ ላይ የማይታይና በሲቲ 410 የሆነ ጠጠር ካለ፣ ጠጠሩ ዩሪክ አሲድ ነው ብሎ መነሳት ያስኬዳል።

የምሥራቹ ይህ ጠጠር መሟሟት መቻሉ ነው። ሐኪሙ ፖታሺየም ሲትሬት አዘዘለት። ዓላማው ፒኤቹን ከ6.5 እስከ 7 ማቆየት ነበር። በሦስተኛው ወር ሲቲ ሲነሳ ዘጠኝ ሚሊሜትሩ የለም። ሁሉም ሰው ላይ እንዲህ ቶሎ አይሠራም፤ ትልቅ ከሆነ፣ ከካልሲየም ጋር የተቀላቀለ ከሆነ ወይም ቱቦውን ከዘጋ ሌላ መንገድ ይፈለጋል። ግን ከመሣሪያ በፊት መሞከር ያለበት ይህ ነው።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። ፖታሺየም ሲትሬት በሐኪም እጅ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው፣ ወይም እንደ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደሙ ውስጥ ፖታሺየም ሊከማችበትና ልቡን ሊያውክበት ይችላል። በሶዲየም ቢካርቦኔት መተካትም ይቻላል፣ ግን ሶዲየም አለበትና ለደም ግፊትና ለልብ ሕመምተኛ አይመከርም። ሁለተኛው፣ «የበለጠ ይሻላል» ማለት እዚህ አይሠራም። ፒኤቹ ከ7 ሲያልፍ ካልሲየም ፎስፌት የሚባል ሌላ ጠጠር መርጋት ይጀምራል።

አሎፑሪኖልስ? ለሪህ የሚሰጠው መድኃኒት ነው። ዩሪክ አሲድ ስለሚቀንስ ብዙ ሰው እሱን ይፈልጋል። ነገር ግን ሽንቱ ፒኤች 5 ሆኖ ከቀጠለ ትንሹም ዩሪክ አሲድ ይረጋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ አሲድነቱን ማስተካከል ነው።

ምግቡም ይለያል። ቆስጣና ቀይ ሥር ለእሱ ችግር አይደሉም፤ እንዲያውም አትክልትና ፍራፍሬ ሽንትን ከአሲድነት ያርቃል። የሚቀነሰው ሥጋ ነው። በተለይ ዱለት፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ሰርዲን። ቢራ «ኩላሊት ያጥባል» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው፤ ሽንት ያበዛል። ነገር ግን ዩሪክ አሲድም ይጨምራል፣ ስለዚህ ዩሪክ አሲድ ጠጠር ላለበት ሰው ውሃ በቢራ አይተካም።

ሁለቱ በአንድ ላይ ሲታዩ

| መለኪያ | ካልሲየም ኦክሳሌት | ዩሪክ አሲድ |
|---|---|---|
| ዋና ምክንያት | የበዛ ኦክሳሌት ወይም ካልሲየም፣ ያነሰ ሲትሬት፣ ትንሽ ሽንት | ሁልጊዜ አሲድ የሆነ ሽንት፣ ትንሽ ሽንት |
| ተራ ራጅ | ይታያል | አይታይም |
| ሲቲ ላይ ያለው ቁጥር | አብዛኛውን ጊዜ ከ800 በላይ | አብዛኛውን ጊዜ ከ500 በታች |
| በመድኃኒት ይሟሟል? | አይሟሟም | ብዙ ጊዜ ይሟሟል |
| ወተት፣ እርጎ፣ አይብ | ከምግብ ጋር ይበላ | ገደብ የለውም |
| ቆስጣ፣ ስፒናች፣ ቀይ ሥር፣ ኦቾሎኒ | ይቀነስ | ቅጠሉና ቀይ ሥሩ ይጠቅማሉ፣ ኦቾሎኒ ችግር የለውም |
| ሥጋና ዱለት | ይቀነስ | የበለጠ ይቀነስ |
| ጨው | መቀነሱ በጣም ወሳኝ | መቀነሱ ይጠቅማል፣ ግን ሁለተኛ ነው |
| የሽንት መጠን በቀን | 2.5 ሊትር | 2.5 ሊትር |
| መከታተያ | የ24 ሰዓት ሽንት | የፒኤች ወረቀት በቤት |

2.5 ሊትሩ የሚሸናው እንጂ የሚጠጣው አይደለም። ሙቀት ቦታ ያለ ሰው የጠጣው በላብ ይሄድበታል። እንዴት ይለካል ካላችሁ፣ በወር አንድ ቀን፣ ቤት በምትውሉበት ቀን፣ የአንድ ሙሉ ቀን ሽንት በባዶ ሁለት ሊትር ሃይላንድ አጠራቅሙ። ሞልቶ ግማሽ ሊትር ከተረፈ ጥሩ ነው። አንድ ሊትር እንኳ ካልደረሰ ምክሩ ሁሉ ከንቱ ነው።

እንደ ሁኔታው ምን ልምረጥ?

ገንዘብ ለምርመራ ከሌለና ጠጠሩ የቱ እንደሆነ ካልታወቀ፣ ለሁለቱም የሚሠራውን ያዙ። ውሃ ጨምሩ፣ ጨውና ሥጋ ቀንሱ፣ ወተቱን አትተዉ፣ ቆስጣና ስፒናች ቀቅላችሁ ውሃውን ድፉ። ሎሚ ውሃ ውስጥ መጭመቅም ይረዳል፣ ስኳር ሳይጨመርበት። እናም ለቀጣዩ ጊዜ ማጥለያውን አዘጋጁ።

ትንሽ ገንዘብ ካለ የመጀመሪያው ወጪ የጠጠሩ ምርመራ ይሁን፣ ቀጥሎ የፒኤች ወረቀት። ስኳር፣ ሪህ ወይም ውፍረት ካለባችሁና ጠዋት ጠዋት 5 እና 5.5 እያሳያችሁ ከሆነ፣ ያንን ቁጥር ጽፋችሁ ለሐኪም ይዛችሁ ሂዱ። ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ራሱ ሳይጠይቃችሁ የሚያልፈው ይህን ነው።

ጠጠሩ ለሁለተኛ ጊዜ ከመጣ፣ ወይም ገና በወጣትነት ከመጣ፣ የ24 ሰዓት ሽንትና የደም ካልሲየም ምርመራ የግድ ነው። ሁሉም ቦታ ስለማይሠራ ቀድማችሁ ጠይቁ። የደም ካልሲየም ከፍ ካለ አንገት ውስጥ ያለችው ፓራታይሮይድ እጢ መታየት አለባት፤ ያን ጊዜ ነገሩ የምግብ ጉዳይ አይደለም።

ገልፍ አገር ፀሐይ ላይ የምትሠሩ፣ አፋር ወይም ድሬዳዋ የምትውሉ፣ ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውሃ የምትጾሙ ሰዎች ደግሞ ሰዓቱን አስቡበት። ከጾም በኋላ በአንድ ጊዜ ሦስት ሊትር መጠጣት አይተካውም፤ ሽንቱ ለብዙ ሰዓት ወፍሮ ሲቆይ ነው የሚረጋው። ማታ ከመተኛት በፊት አንድ ብርጭቆ፣ ሌሊት ለሽንት ሲነሱም አንድ። ጠጠር በተደጋጋሚ የያዛችሁ ከሆነ ስለ ጾሙ ከንስሐ አባታችሁ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል፤ እኔም አድርጌዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ ውጪ የሆነ አንድ ሁኔታ አለ። ሕመሙ ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ጋር ከመጣ፣ ሽንት ጨርሶ ከቆመ፣ ወይም ሰውዬው አንድ ኩላሊት ብቻ ካለው ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ጠጠሩ የቱ ነው ብሎ መቆየት የለም። ያኑ ሌሊት ሆስፒታል ነው።

የእህቴ ባል ዛሬ መኪናው ውስጥ የውሃ ጄሪካንና የፒኤች ወረቀት አለው። ሚሌ ላይ ሲያቆም ይለካል፣ ቁጥሩን ስልኩ ላይ ይጽፋል። ባለፈው ሳምንት 7.5 ሆኖበት ደወለልኝ። ሲትሬቱን «እንዳይረሳኝ» ብሎ ጠዋትም ማታም እጥፍ እየወሰደ ነበር። ለሐኪሙ አስደወልኩት፣ ቀነሰለት።